ተሰብሮ ለደረሰ ዕቃ የሚጻፍ አቤቱታ፦ ፎቶግራፉና ደብዳቤው

ተጨፍልቆ ስለደረሰ ጥቅል ለኩሪየር ድርጅት የሚጻፍ የአቤቱታ ደብዳቤ ሦስት ነገሮችን ማስረዳት ይጠበቅበታል። አንደኛ፣ ካርቶኑ ከላኪው እጅ ሲወጣ ደህና እንደነበረ፤ ሁለተኛ፣ ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ ተጎድቶ እንደነበረ፤ ሦስተኛ፣ ውስጥ የነበረው ዕቃ የተሰበረው ከውጭ በሚታየው በዚያው ጉዳት ምክንያት እንደሆነ። አብዛኛው ሰው የሚጽፈው ደብዳቤ ከሦስቱ አንዱንም በቅጡ አይነካም። በንዴት የተጻፈ አንድ ገጽ ወቀሳ ይሆንና ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ስብርባሪ ፎቶግራፍ ይያያዝበታል። ያ ፎቶግራፍ ዕቃው መሰበሩን ያሳያል እንጂ የትና በማን እጅ እንደተሰበረ አይናገርም። ድርጅቱም “ጉዳቱ የደረሰው በአስተሻሸግ ጉድለት ነው” የሚል አጭር መልስ ሰጥቶ ፋይሉን ይዘጋል።

ይህ መልስ ዝም ብሎ የሚሰጥ ሰበብ አይደለም፤ የሕግ መሠረት አለው። በአየር የሚጓዝ የውጭ አገር ጭነት የሚተዳደረው በ1999 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል ከተማ በተፈረመው ስምምነት ነው። ኢትዮጵያም አሜሪካም የስምምነቱ አባል ስለሆኑ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ የሚላክ ካርቶን በዚህ ሕግ ሥር ይወድቃል። በስምምነቱ አንቀጽ 18 መሠረት አጓጓዡ ጭነቱ በእሱ ጥበቃ ሥር ሆኖ በአየር ጉዞው ጊዜ ለደረሰበት ጉዳት ኃላፊ ነው። ተበዳዩ የአጓጓዡን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም። ነገር ግን እዚያው አንቀጽ ላይ አጓጓዡ ከኃላፊነት የሚያመልጥባቸው ጥቂት በሮች ተዘርዝረዋል። ከእነዚህ አንዱ ከአጓጓዡ ወይም ከሠራተኞቹ ውጭ በሆነ ሰው የተፈጸመ የአስተሻሸግ ጉድለት ነው። ይህን የማስረዳት ሸክም ያለበት አጓጓዡ ነው። ሆኖም አቤት ባዩ ስለ አስተሻሸጉ ምንም ሳያሳይ ከቀረ ያ በር ወለል ብሎ ይከፈትለታል። ስለዚህ ደብዳቤው ገና ከመጀመሪያው ይህን መልስ እያሰበ መጻፍ አለበት።

ለማሳያ አንድ ጉዳይ ይወሰድ። አንዲት የአዲስ አበባ ነዋሪ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖር እህቷ የቡና ዕቃ በኩሪየር ትልካለች። ካርቶኑ ውስጥ አንድ የሸክላ ጀበና ከነማቶቱ፣ አሥራ ሁለት ሲኒዎች ከነማስቀመጫቸው፣ አንድ ኪሎ የተቆላ ቡናም አለ። ካርቶኑ 45 በ35 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 6.4 ኪሎ ግራም ነው። ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ለድርጅቱ ተሰጥቶ ጥር 5 ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ ደረሰ። አድራሹ በሩ ላይ ትቶት ሄደ። ተቀባይዋ ከሥራ ስትመለስ የካርቶኑ አንድ ማዕዘን ወደ ውስጥ ገብቶ አገኘችው።

የጉዳዩ ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ከዚህ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ሰው በተፈጥሮው መጀመሪያ የሚያስበው ዕቃው ተርፎ እንደሆነ ማየት ነው። ስኮቹን ይቀድዳል፣ መሙያውን ወረቀት አውጥቶ ይጥላል፣ የተሰበረውን ካልተሰበረው ይለያል፤ ካርቶኑንም ረግጦ አጣጥፎ ከቆሻሻ ጋር ያወጣዋል። ፎቶግራፍ ማንሳት ትዝ የሚለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ዋናው ማስረጃ ጠፍቷል፤ ምክንያቱም ስለ ጉዳቱ ከስብርባሪው ይልቅ ብዙ የሚናገረው ካርቶኑ ነው።

ሞገድ ያለው ካርቶን የተጎዳበትን ሁኔታ በገላው ላይ ይዞ ይቆያል። ከባድ ዕቃ ላዩ ላይ ተጭኖበት ከሆነ የጎን ግድግዳዎቹ ወገባቸው ላይ አግድም ይታጠፋሉ፣ ወደ ውጭም ይነፋሉ፤ ክዳኑም መሐሉ ላይ ይሰረጉዳል። ወድቆ ከሆነ ጉዳቱ አንድ ማዕዘን ወይም አንድ ጠርዝ ላይ ይከማቻል፤ ማዕዘኑ ይደፈጠጣል፣ ከእሱ የሚነሱ እጥፋቶችም በሦስቱ አጎራባች ገጾች ላይ ይዘረጋሉ። በሹል ነገር ተወግቶ ከሆነ ቀዳዳው ወደ ውስጥ የገባ ጠርዝ ይኖረዋል። ውኃ የነካው ካርቶን ሲደርቅ ዳር ያለው ጠባሳ ይተዋል፤ ወረቀቱም ይሸበሸባል። እርጥበት የካርቶንን ጉልበት በእጅጉ ስለሚቀንስ የረጠበ ካርቶን ሌላ ጊዜ በሚችለው ጭነት እንኳ ሊጨፈለቅ ይችላል። ከተደረደረበት ጭነት ትልቁን ድርሻ የሚሸከሙት ማዕዘኖቹ ናቸው፤ አንድ ማዕዘን ከተደፈጠጠ በኋላ ላዩ ላይ የሚጫነው ሁሉ በቀጥታ ወደ ውስጥ ዕቃው ይወርዳል። እነዚህን ምልክቶች የሚያነብ የድርጅቱ መርማሪ እንደ ሙያው ነው የሚያነባቸው፤ አቤት ባዩም ቢያንስ እንዲነበቡ አድርጎ ማንሳት ይኖርበታል።

በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ፎቶግራፍ መነሳት ያለበት ካርቶኑ ሳይከፈትና ከተገኘበት ቦታ ሳይነሳ ነው። ቀጥሎ ስድስቱም ገጾች በየተራ ይነሳሉ፤ ደህና የሆኑትም ጭምር፣ ምክንያቱም ካርቶኑ በሌላው በኩል ጠንካራና አዲስ እንደነበረ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። የአድራሻ ወረቀቱ ከነመከታተያ ቁጥሩ ፊደልና ቁጥሩ እስኪነበብ ቀረብ ተብሎ ይነሳል። የተጎዳው ማዕዘን ሁለት ጊዜ ይነሳል፦ አንድ ጊዜ ራቅ ተብሎ ከአድራሻ ወረቀቱ ጋር በአንድ ምስል ውስጥ እንዲገባ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ማስመሪያ ተደግፎበት ከቅርብ። ራቅ ብሎ የሚነሳው ብዙዎች የሚዘነጉት ነው። ከቅርብ ብቻ የተነሳ የተቀደደ ማዕዘን የማንኛውም ካርቶን ማዕዘን ሊሆን ይችላል፤ ከመከታተያ ቁጥሩ ጋር ሲታይ ግን የዚያ ካርቶን ብቻ ይሆናል። ብዙ የፋብሪካ ካርቶኖች ታችኛው ክዳን ላይ የሚታተመው ክብ ምልክትም መነሳት አለበት። ካርቶኑ ምን ያህል ክብደት እንዲሸከም ተሠርቶ እንደነበረ እዚያ ላይ ተጽፏል፤ አስተሻሸጉ ጎድሏል የሚል ክርክር ከመጣ በአንድ ምስል መልስ ይሰጣል።

ካርቶኑ የሚከፈተው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም በዝግታ። ክዳኑ እንደተነሳ ምንም ሳይነካ ከላይ አንድ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ መሙያው ንብርብር በንብርብር ሲነሳ ዕቃው በተቀመጠበት ቦታ እንዳለ ይነሳል። በተያዘው ምሳሌ የጀበናው አንገት የተሰበረው ልክ ከተደፈጠጠው ማዕዘን ሥር ነበር። ወደዚያው ማዕዘን በኩል የተደረደሩት ስድስት ሲኒዎች በሙሉ ተሰብረዋል፤ ከሁለተኛው ረድፍ የተሰበረችው አንድ ብቻ ናት። በሌላው ጫፍ ያሉት አምስት ሲኒዎችና ቡናው ምንም አልሆኑም። ይህ ሁሉ የሚታየው ዕቃው ከቦታው ሳይነሳ ከተነሳ ብቻ ነው። ከተነሳ ግን ከየትኛውም የቃል ክርክር የበለጠ ጉልበት አለው፦ የውጭ ጉዳቱና የውስጥ ስብራቱ አንድ መስመር ላይ ናቸው፤ በዚያው ወረቀትና በዚያው እጅ የታሸገው ሌላኛው ረድፍ ግን ካርቶኑ ባልተደፈጠጠበት በኩል ደህና ደርሷል። አስተሻሸጉ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ስብራቱ በካርቶኑ ውስጥ ሁሉ በተበተነ ነበር። ያልተሰበሩትን ዕቃዎች ፎቶ ማንሳት ብዙ ሰው የማይጠቅም ይመስለዋል፤ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ግን ከተሰበሩት እኩል ያስፈልጋሉ።

ተቃራኒውም እውነት ነው፤ በሐቅ መታየትም አለበት። ካርቶኑ ስድስቱም ገጹ ደህና ሆኖ ውስጡ ያለው የጀበና አንገት ቢሰበር፣ ወይም ሲኒዎቹ ያለ ምንም መለያ ወረቀት ተደራርበው እርስ በርስ ተጋጭተው ቢገኙ ፎቶግራፉ የሚመሰክረው ለድርጅቱ ነው። የኩሪየር ድርጅቶች ለተሰባሪ ዕቃ እያንዳንዱ ለብቻው እንዲጠቀለል፣ በዕቃውና በካርቶኑ ግድግዳ መካከልም በሁሉም በኩል አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል መሙያ እንዲኖር ይመክራሉ። ከዚህ በታች የታሸገ የሸክላ ጀበና ተሰብሮ ሲደርስ ካሳ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። “ተሰባሪ” የሚል ጽሑፍ መለጠፉም ጉድለቱን አያሟላም።

የምስሉ አላላክም ትኩረት ይሻል። ስልክ ፎቶ ሲያነሳ የተነሳበትን ቀንና ሰዓት ከምስሉ ጋር ያስቀምጣል። ቴሌግራም ግን ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ያሳንሰዋል፤ ከምስሉ ጋር ያለውን ይህን መረጃም ያስቀረዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህት ፎቶዎቹን አዲስ አበባ ላለችው ላኪ በተለመደው መንገድ ብትልክላት የሚደርሱት የደበዘዙና ቀን የሌላቸው ምስሎች ይሆናሉ። በቴሌግራም “እንደ ፋይል” ተደርገው፣ ወይም በኢሜይል አባሪነት ከተላኩ ግን እንዳሉ ይደርሳሉ። ዋናዎቹ ምስሎች ከስልኩ መጥፋት የለባቸውም። ቀስት ወይም ክብ የሚሳልባቸው ከሆነም ቅጂው ላይ እንጂ ዋናው ላይ አይደለም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ከካርቶኑ መድረስ በኋላ ያለው ነው። ካርቶኑ ሲነሳ ደህና እንደነበረ የሚያስረዳው ግን ሌላ ነው። ድርጅቱ ሲረከብ የሚሰጠው የጭነት ሰነድ፣ ማለትም ኤርዌይ ቢሉ፣ ስለ ክብደቱ፣ ስለ ልኩና ስለ አስተሻሸጉ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልመጣ ድረስ እንደ እውነት ይወሰዳል። ስለ ጭነቱ የውጭ ገጽታ የሚለውም እንዲሁ ነው። ውስጡ ስላለው ዕቃ ሁኔታ ግን ሰነዱ ብቻውን አያስረዳም፤ ተረካቢው ሠራተኛ በላኪው ፊት አይቶ ካረጋገጠና ይህንኑ ሰነዱ ላይ ካሰፈረ በስተቀር። ይህን ክፍተት የሚሞላው ካርቶኑ ከመታሸጉ በፊት ክዳኑ ክፍት ሆኖ የሚነሳ አንድ ፎቶ ነው። ላኪዋ ሲኒዎቹን ደርድራ ስትጨርስ እንዲህ ያለ ፎቶ ለእህቷ ለማሳየት ብላ አንስታ ከነበረ ለደብዳቤው ትልቅ ሀብት ይሆናል።

ቀጥሎ የሚነሳው ደብዳቤውን ማን ይጻፍ የሚለው ነው። የማጓጓዝ ውሉ የተፈጸመው ከላኪዋ ጋር ስለሆነ ብዙ ድርጅቶች የካሳ ጥያቄ የሚቀበሉት ከላኪ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ሞንትሪያል ስምምነቱ ጉዳቱን እንዲያሳውቅ የሚጠብቀው ዕቃውን የመረከብ መብት ያለውን ሰው ነው። ሁለቱን የሚያስታርቀው አሠራር ተቀባይዋ በደረሰባት ቀን ወይም በማግስቱ ለድርጅቱ አጭር የጽሑፍ ማስታወቂያ መላኳ፣ ላኪዋም በውሉ መሠረት ሙሉውን ደብዳቤ ለአዲስ አበባው ቅርንጫፍ ማስገባቷ ነው። የጊዜ ገደቡ አጭር ነው። በስምምነቱ አንቀጽ 31 መሠረት የተጎዳ ጭነት አቤቱታ በጽሑፍ መቅረብ ያለበት ቢዘገይ ዕቃው በደረሰ በ14 ቀናት ውስጥ ነው፤ የሚቆጠረውም የሥራ ቀን ብቻ ሳይሆን ቅዳሜና እሁድ፣ በዓሉም ጭምር ነው። በምሳሌው ጥር 5 ለደረሰው ካርቶን የመጨረሻው ቀን ጥር 19 ይሆናል። ስልክ መደወልና ለአድራሹ ሠራተኛ በቃል ማማረር አይቆጠርም። ቀኑ ካለፈ፣ አጓጓዡ ያጭበረበረው ነገር ከሌለ በስተቀር፣ በእሱ ላይ ክስ ማቅረብ አይቻልም። ተቀባዩ ያለ አንዳች አቤቱታ ከተረከበ ዕቃው በደህና እንደደረሰ ስለሚገመት፣ ሠራተኛው ቆሞ የሚያስፈርም ከሆነ “ካርቶኑ ማዕዘኑ ላይ ተጨፍልቋል” ብሎ ከፊርማው አጠገብ መጻፍ ይጠቅማል። በሩ ላይ ለተተወ ካርቶን ደግሞ አድራሹ ራሱ ለማስረጃ ፎቶ የሚያነሳበት አሠራር በአሜሪካ የተለመደ ነው፤ ማዕዘኑ ያኔውኑ ተደፍጥጦ እንደነበረ የድርጅቱ የራሱ ምስል ሊመሰክር ይችላል፤ ደብዳቤው ይህን ምስል እንዲያያዝ መጠየቅ አለበት።

ላኪዋ ለቅርንጫፉ የምታስገባው ደብዳቤ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል።

ቀን፦ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ………… ኩሪየር ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በጉዞ ላይ ስለተጎዳ ጥቅል ካሳ እንዲከፈል ስለመጠየቅ

ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. በመከታተያ ቁጥር ………… የላክሁት፣ 6.4 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ካርቶን ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በሚገኘው የተቀባይ አድራሻ በር ላይ ተቀምጦ ተገኝቷል። ተቀባይዋ ጉዳቱን በዚያው ዕለት በኢሜይል አሳውቃለች።

ካርቶኑ ስልክ ከመታሸጉ በፊትና ቅርንጫፋችሁ ስረከብ የነበረው ሁኔታ በፎቶ 1 እና 2 ይታያል። ጀበናው፣ ሲኒዎቹና ማስቀመጫዎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻ ተጠቅልለዋል፤ በሁሉም በኩል አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል የወረቀት መሙያ አለ።

ካርቶኑ ሲደርስ፣ ከአድራሻ ወረቀቱ በስተቀኝ ያለው የላይኛው ማዕዘን ሰባት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል (ፎቶ 3፣ 4 እና 5)። ከዚህ ማዕዘን የተነሳ እጥፋት በላይኛውና በሁለቱ የጎን ገጾች ላይ ይታያል። የቀሩት ገጾች ደህና ናቸው፤ እሽጉም አልተቀደደም (ፎቶ 6)።

ካርቶኑ ሲከፈት መሙያው በቦታው ነበር (ፎቶ 7)። የጀበናው አንገት ከተደፈጠጠው ማዕዘን ሥር ተሰብሮ ተገኝቷል (ፎቶ 8)። በዚያው በኩል የነበሩት ስድስት ሲኒዎችና ከቀጣዩ ረድፍ አንድ ሲኒ፣ እንዲሁም አምስት ማስቀመጫዎች ተሰብረዋል (ፎቶ 9)። በሌላው ጫፍ የነበሩት አምስት ሲኒዎች አልተጎዱም (ፎቶ 10)።

ስለዚህ የአንድ ጀበና ዋጋ ብር 700፣ የሰባት ሲኒ ከነማስቀመጫው ዋጋ እያንዳንዱ በብር 250 ብር 1,750፣ በድምሩ ብር 2,450 እንዲከፈለኝ፤ ለአገልግሎቱ የከፈልሁት ብር 14,500 በውሉ መሠረት እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። አድራሹ ሠራተኛ ካርቶኑን ሲያደርስ ያነሳው ፎቶ ከጉዳዩ ጋር ተያይዞ እንዲታይልኝም አመለክታለሁ። ካርቶኑ፣ መሙያውና ስብርባሪው በሙሉ በተቀባይዋ ዘንድ ለምርመራ ተቀምጠዋል።

ከሰላምታ ጋር
(ስምና ፊርማ)

አባሪ፦ 10 ፎቶግራፎች፣ የጭነት ሰነድ ቅጂ፣ የግዢ ደረሰኞች፣ የክፍያ ደረሰኝ
ግልባጭ፦ ለተቀባይዋ

ደብዳቤው “ሠራተኞቻችሁ ወረወሩት” አይልም። ማን እንደወረወረ ያየ የለም፤ ፎቶግራፉም አያሳይም። ያልታየ ነገር ተጽፎ ሲገኝ ድርጅቱ እሱን ብቻ ነጥሎ ያስተባብልና የታየውን ሳይመልስ ያልፋል። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ምስል ላይ ቆሞ በቁጥሩ ስለሚጠራው ግን መርማሪው ሊክድ የሚችለው ምስሉን ብቻ ነው። “በጣም ተጎድቷል” ከማለት ይልቅ “ሰባት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል” የሚለው የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፎቶው ላይ ያለው ማስመሪያ ያንኑ ይላል። ከሰባቱ ሲኒዎች የሁለቱ ማስቀመጫ ሳይሰበር ዋጋው ከነማስቀመጫው መጠየቁ አከራካሪ ሊሆን ይችላል። ዕቃው የሚሸጠው አንድ ላይ መሆኑን ደረሰኙ ካሳየ ጥያቄው ያስኬዳል፤ ደብዳቤው የተሰበሩትን ማስቀመጫዎች ቁጥር አምስት ብሎ በትክክል ማስፈሩ ደግሞ የቀረው ሁሉ እንዲታመን ይረዳዋል።

የገንዘቡ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በሞንትሪያል ስምምነት አጓጓዡ ለጭነት የሚከፍለው ካሳ ጣሪያ አለው። ጣሪያው ከታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ኪሎ ግራም 26 ኤስዲአር ነው። ኤስዲአር ዋጋው በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሚወጣ፣ በዶላር፣ በዩሮ፣ በቻይና ዩዋን፣ በጃፓን የንና በእንግሊዝ ፓውንድ ላይ የተመሠረተ የሒሳብ መለኪያ ነው። ለ6.4 ኪሎ ግራም ካርቶን ጣሪያው 166.4 ኤስዲአር ይሆናል፤ አንዱ ኤስዲአር 1.30 ዶላር ቢሆን ወደ 216 ዶላር ገደማ ነው። ይህ ግን ጣሪያ እንጂ ተመን አይደለም። የተሰበረው ዕቃ ዋጋ 2,450 ብር ከሆነ ጣሪያው 216 ዶላር ስለሆነ ያን ያህል ይከፈላል ማለት አይደለም፤ የሚከፈለው የደረሰው ጉዳት ልክ ነው። በአንጻሩ በዚያው ክብደት ያለው ካርቶን ውስጥ አንድ ሺህ ዶላር የሚያወጣ ካሜራ ተሰብሮ ቢገኝ ጣሪያው ያሳጥረዋል። ከጣሪያው በላይ ካሳ ማግኘት የሚቻለው ላኪው ሲልክ ልዩ ዋጋ አስመዝግቦ፣ የሚጠየቅ ተጨማሪ ክፍያ ካለም ከፍሎ ከሆነ ነው። ሁለት ካርቶን ተልኮ አንዱ ብቻ የተጎዳ እንደሆነም የሚታሰበው በመሠረቱ የተጎዳው ካርቶን ክብደት ነው።

ላኪዎች ለጉምሩክ ብለው የሚያደርጉት አንድ ነገርም እዚህ ላይ ይመጣባቸዋል። ተቀባዩ ቀረጥ እንዳይበዛበት በማሰብ የዕቃውን ዋጋ በወረቀቱ ላይ ዝቅ አድርገው ይጽፋሉ። ዕቃው ሲሰበር ግን ድርጅቱ መጀመሪያ የሚያወጣው ያንኑ ወረቀት ነው። በአሥር ዶላር የተመዘገበ ጀበናና ሲኒ በመቶ ዶላር ካሳ ሲጠየቅበት ደብዳቤው በራሱ ላኪ ፊርማ ይፈርሳል። በደብዳቤው የሚጠየቀው ዋጋ፣ ደረሰኙና የጉምሩክ ወረቀቱ አንድ መሆን አለባቸው። ከገበያ ያለ ደረሰኝ የተገዛ የሸክላ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ፈርሞ የሚሰጠው የዋጋ ማረጋገጫ ወረቀት ከምንም ይሻላል።

በምሳሌው ለአገልግሎቱ የተከፈለው ከተሰበረው ዕቃ ዋጋ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቀላል ዕቃ በውድ ኩሪየር ሲላክ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል። ስለዚህ የአገልግሎት ክፍያውን መመለስ ራሱን ችሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሳይጠየቅ የሚመልስ ድርጅት ጥቂት ነው። ክፍያው በሙሉ ይመለስ፣ በከፊል ይመለስ ወይም ጭራሽ አይመለስ የሚለውን የሚወስነው ግን በኤርዌይ ቢሉ ጀርባ ወይም በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ የሰፈረው የውል ቃል ነው። ከደብዳቤው በፊት ያን ማንበብ ያስፈልጋል። የድርጅቱ የራሱ የጊዜ ገደብም እዚያው ይገኛል፤ ከሁለቱ ገደቦች ቀድሞ የሚደርሰውን መጠበቅ ከአደጋ ያድናል።

በፖስታ ቤት የሚላክ ዕቃ ከዚህ ይለያል። ሞንትሪያል ስምምነቱ የፖስታ ዕቃዎችን በላኪና በአጓጓዥ መካከል አይገዛም፤ እነሱ የሚተዳደሩት በዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት ደንብና በየአገሩ የፖስታ ሕግ ነው። የፎቶግራፉ አነሳስና የደብዳቤው አጻጻፍ አይለወጥም፤ የሚለወጡት የጊዜ ገደቡ፣ የካሳው ልክና የሚሞላው ቅጽ ናቸው። እነሱንም የተላከበት ፖስታ ቤት መስኮት ላይ መጠየቅ ይበቃል።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጃል። አንዱ ቅርንጫፉ ይቀራል፤ ሌላው ላይ ተቀባዩ ሠራተኛ ቀን ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ይመልሰዋል። በኢሜይልም ከተላከ የተላከበት ሰዓት ማስረጃ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ካርቶኑን ማየት እፈልጋለሁ ሊል ይችላል፤ መርማሪ ይልካል፣ አለዚያ ካርቶኑ እንዲመለስለት ይጠይቃል። ካርቶኑ የሚሰጥ ከሆነ በደረሰኝ ይሰጥ፤ ከመሰጠቱ በፊትም ደግሞ ፎቶ ይነሳ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው መልስ እምቢታ ነው። እምቢታው “የአስተሻሸግ ጉድለት” የሚል ከሆነ መልሱ አጭር ነው፦ የትኛው ፎቶ ላይ የትኛው ጉድለት እንደሚታይ በቁጥር እንዲገለጽ መጠየቅ። የደህናው ረድፍ ፎቶ በቁጥር ተጠቅሶ ሲቀርብለት ድርጅቱ ስለ ካርቶኑ ሁሉ በጅምላ መናገሩን ትቶ ስለ አንዱ ማዕዘን መልስ ለመስጠት ይገደዳል።

ድርጅቱ ካልከፈለ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። በስምምነቱ አንቀጽ 35 መሠረት ክስ መቅረብ ያለበት አውሮፕላኑ መድረሻው ከደረሰበት ወይም መድረስ ከነበረበት ቀን፣ አለዚያም ጉዞው ከቆመበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ካሳው ተከፍሎ ፋይሉ እስኪዘጋ ወይም ያ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ የተጨፈለቀው ካርቶን፣ የመሙያው ወረቀትና የጀበናው ስባሪ መጣል የለባቸውም።